«ባትሪው ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት ለኩ

በገበያ ቀን ደብረ ታቦር ላይ አንድ የስልክ ጥገና ሱቅ በር አጠገብ ጥቂት ብትቆሙ አንድ አቤቱታ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ፤ «ስልኬ ቻርጅ አላደርግ አለኝ።» ከጉና ግርጌ የመጣ ገበሬ ነው እንበል። ሳይመሽበት ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ጠጋኙ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ባትሪው ሞቷል» ካለው፣ ከሸጠው እህል ላይ ቀንሶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ቤቱ ሲደርስ ስልኩ ያው ነው። ያ ሰው ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ ለጎረቤቶቹም ይናገራል።

ከትምህርት ወይም ከሌላ ሥራ ጎን ጥገና ልጀምር የምትሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ቀድማችሁ የምትጠይቁት የሙቅ አየር ማሽን ዋጋ ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል እላለሁ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ መለኪያ ነው፦ አንድ ተራ ዲጂታል መልቲሜትር። ከእሱ ጋር የትንንሽ ብሎን መፍቻዎች፣ የፕላስቲክ መክፈቻ፣ ፒንሴት፣ ለስላሳ ብሩሽና አልኮል ካላችሁ ሥራው ይጀመራል። ምክንያቱን በዚያው ገበሬ ስልክ እንየው።

በመጀመሪያ በራሳችሁ ቻርጀርና ገመድ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ የሞተው ገመዱ ነው። ካልሆነ ስልኩን አጥፉና የቻርጀሩን ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዩ። በተለይ በውቂያ ወቅት ስልኩ ኪስ ውስጥ ከገለባና ከአቧራ ጋር ይውላል፤ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ያ ሁሉ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ምልክቱ ገመዱ እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነው። በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ በብሩሽ ጥረጉት። በመርፌ እንዳትነኩት፤ ውስጥ ያሉትን ስስ የብረት ጥርሶች ያጣምማል። አልኮል ከተጠቀማችሁ በደንብ እስኪደርቅ ሳትጠብቁ ቻርጀር አትሰኩ።

ቀጥሎ ባትሪውን ለኩ። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ፤ ቀዩን ጫፍ በፕላስ፣ ጥቁሩን በማይነስ። የሞላ የስልክ ባትሪ 4.2 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ አንዳንዱ ትንሽ ከፍ ይላል። የገበሬው ባትሪ 3.1 አሳየ እንበል። ይህ ባዶ ነው እንጂ ሞቷል ማለት አይደለም። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ለሳምንታት ሳይነካ ከተቀመጠ እንዲህ ይወርዳል። ቻርጀር ላይ ግማሽ ሰዓት ተዉትና እንደገና ለኩት። 3.5 ከደረሰ ኤሌክትሪኩ እየገባ ነው፤ ጥፋቱ ገለባው ነበር ማለት ነው። ምንም ዕቃ ሳይቀየር ተጠገነ። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን መለካትም ቻርጅ ማድረግም የለም፤ ሳትጫኑትና ሳትወጉት በጥንቃቄ አውጥታችሁ ቀይሩት።

ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለስ? ብዙዎቹ ርካሽ ስማርት ስልኮች ላይ የቻርጀሩ ቀዳዳ ያለው በታች በኩል በምትገኝ ትንሽ ቦርድ ላይ ነው፤ ከዋናው ቦርድ ጋር በስስ ሪባን ትገናኛለች። ተራ ቻርጀር ሰክታችሁ በትንሿ ቦርድ ላይ ለኩ፤ 5 ቮልት አካባቢ ማየት አለባችሁ። ከሌለ ትንሿ ቦርድ ትቀየራለች፤ ሥራው የብሎን መፍቻ ብቻ ነው። በእሷ ላይ ኖሮ በሪባኑ ሌላ ጫፍ ከጠፋ ችግሩ ሪባኑ ነው። ዋናው ቦርድ ድረስ ደርሶ ባትሪው ካልሞላ ግን የጀማሪ ሥራ እዚያ ያበቃል። ስልኩን ዝጉና ልምድ ወዳለው ሰው ላኩ። በሰው ስልክ ላይ ብየዳ መለማመድ ነውር ነው።

ብየዳውን የሚማሩት በሞቱ ቦርዶች ላይ ነው። ጠጋኞች የጣሏቸውን ለምኑ፤ ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ፣ ፍላክስና ቀጭን እርሳስ ይበቃል። ቀዳዳውን ቦርዱ ሳይጠቁርና መስመሮቹ ሳይላጡ ደጋግማችሁ ነቅላችሁ መመለስ ከቻላችሁ፣ ያኔ ሙቅ አየሩን ግዙ። ቪዲዮ ይረዳል፤ ነገር ግን እጃችሁን የሚያርም ሰው አጠገብ ጥቂት ወር መቀመጥን አይተካም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ምንም ዕቃ ካልተቀየረ በምን ይከፈላል? ብዙ ጠጋኝ ያልሞተ ባትሪ የሚቀይረው ደንበኛው ለዕቃ እንጂ ለእውቀት አይከፍልም ብሎ ስለሚሰጋ ነው። መፍትሔው ስልኩ ሳይከፈት የመመርመሪያ ዋጋ መናገር ነው። ከዚያ ቁጥሩን አሳዩት፦ «አባቴ፣ ይኸው፣ ሲመጣ 3.1 ነበር፤ አሁን 3.5 ደርሷል። ባትሪዎ ደህና ነው።» ገለባውንም ወረቀት ላይ አድርጋችሁ አሳዩት። ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን ከመጀመሪያው በእጁ አስይዙት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የጎረቤቱን ስልክ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።