«ደርሷል» ብቻውን አያስከፍልም

እናታችን 20 መሶብ ሰፍታ ለአንድ ሱቅ አስረከበች። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ ተከፍሏል፤ ቀሪው የሚለቀቀው ዕቃው መድረሱ በጽሑፍ ሲረጋገጥ ነው። እኛ ልጆቿ «ዕቃው ደርሶ ከሆነ አሳውቁን፣ ገንዘቡንም ላኩልን» ብለን ኢሜይል ጻፍን። መልሱ «ደርሷል፣ እናመሰግናለን» ነበር። ስንት እንደደረሰና ደህና መሆኑን ስለማይናገር የሱቁ ሒሳብ ያዥ አልከፈለም።

አርመን እንዲህ ጻፍን፦ «በትዕዛዝ ቁጥር 14 መሠረት እሑድ በ10/5 20 መሶብ አስረክበናል። የተፈረመበት የርክክብ ወረቀት ተያይዟል። 20ውም በደህና መድረሳቸውን እስከ ሐሙስ በዚሁ ኢሜይል ያረጋግጡልን። የጎደለ ወይም የተበላሸ ካለ ብዛቱን ይጻፉልን። ሁሉም ደህና ከሆነ፣ በስምምነታችን መሠረት ቀሪው 3,000 ሼቄል እንዲለቀቅ ማረጋገጫዎን ለሒሳብ ክፍል ያስተላልፉልን።»

አንዳንድ ወላጆች ብዛት መጠየቅ ሰውን አለማመን ይመስላቸዋል። እኛ አይመስለንም። በክሊኒክ መድኃኒት ስንረካከብ ከቅርብ ባልደረባችን ጋርም ቆጥረን ነው የምንፈርመው። ጉድለት ካለ ንገሩን ማለትም አያስፈራ፤ ዛሬ የታወቀ ጉድለት ይተካል፣ ከወር በኋላ የተነሳ ግን ክርክር ይሆናል። መልስ ካልመጣ ዝምታውን እንደ ማረጋገጫ አንቁጠረው፤ ሐሙስ ካለፈ ደውለን፣ የተባለውን በጽሑፍ እናስደግም።