ስክሪኑ ውኃውን አያይም

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለጀማሪዎቹ አይደለም፤ እነሱን የሚመክር አይጠፋም። የምጽፈው በኮንትሮል ሩም ወንበር ላይ ፀጉራችን ለሸበተው ለእኛ ነው። ጀማሪ ቁጥሩን ሲያይ ይጠራጠራል፣ ይጠይቃል፣ ስልክ ይደውላል። እኛ ግን አረንጓዴ ከሆነ አምነን ሻያችንን እንጠጣለን። የሚያሰጋኝ ይህ እምነታችን ነው።

ታውም ሶክን አስታውሱ። አሜሪካ ውስጥ በሚዙሪ ግዛት፣ ከተራራ አናት ላይ የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ሌሊት ኤሌክትሪክ ሲረክስ ፓምፖቹ ከታችኛው ግድብ ውኃ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ቀን ያው ውኃ ተመልሶ ሲወርድ ተርባይኑን ያዞራል። ጣቢያው የሚታዘዘው ከሩቅ ስለነበር በተራራው ጫፍ ቆሞ ውኃውን በዓይኑ የሚያይ ሰው አልነበረም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2005) ሊነጋጋ ሲል ፓምፖቹ የሞላውን ማጠራቀሚያ መሙላታቸውን ቀጠሉ። ውኃው በግድግዳው ላይ ፈሰሰ፤ ሥሩ ያለውን የድንጋይ ካብ ሸረሸረው፤ ግድቡም ተደረመሰ። ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውኃ በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተራራውን ወረደ። ከሥር ባለው ፓርክ የሚኖረውን የፓርኩን ኃላፊ ቤተሰብ፣ ሕፃናቱን ጭምር፣ ከነቤታቸው ጠርጎ ወሰዳቸው። ሁሉም በሕይወት ተረፉ። እኔ ይህን ተአምር እንጂ የምሕንድስና ሥራ አልለውም።

ያን ሌሊት ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ከተፈቀደው ከፍታ በታች ነበር። ከሩቅ ለሚከታተል ሰው ሁሉም ነገር ደኅና ነበር።

ቁጥሩ እንዴት እንደዋሸ ለማየት ከታች፣ ከሴንሰሩ እንጀምር። የውኃው ከፍታ የሚለካው ቧንቧ ውስጥ ገብተው ከውኃ በታች በተቀመጡ የግፊት ሴንሰሮች ነበር። እንዲህ ያለ ሴንሰር የሚያውቀው ከላዩ ስንት ሜትር ውኃ እንደተጫነው ብቻ ነው፤ ራሱ የት እንዳለ አያውቅም። ማጠራቀሚያው እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳያፈስ በፕላስቲክ ምንጣፍ ተሸፍኖ ነበር። ምንጣፉን ላለመብሳት ሲባል ቧንቧዎቹ ከግድግዳው ጋር በብሎን አልተመቱም፤ በኬብልና በማጠንከሪያ ነበር የተያዙት። ውኃው በገባና በወጣ ቁጥር ማሰሪያው ላላ፣ ቧንቧዎቹም ጎበጡ። ቧንቧ ሲጎብጥ ውስጡ ያለው ሴንሰር ወደ ላይ ይነሣል፤ የሚጫነው ውኃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አሳንሶ ያነባል።

ይህ በሽቦው ላይ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳያችሁ። ከ0 እስከ 30 ሜትር የሚለካ ሴንሰር በ4–20 ሚሊአምፔር ይልካል እንበል። ከላዩ 24 ሜትር ውኃ ሲኖር የሚልከው 16.8 ሚሊአምፔር ነው። ሴንሰሩ 1 ሜትር ወደ ላይ ቢነሣ፣ ውኃው ሳይቀንስ ንባቡ 23 ሜትር ይሆንና ወደ 16.27 ይወርዳል። ሽቦ ቢቆረጥ ዜሮ ይመጣ ነበር፤ ፒኤልሲው ወዲያው ይጮሃል። 16.27 ግን ንጹሕ፣ ጤነኛ፣ የተለመደ ምልክት ነው። አንድም አላርም አይቀሰቅስም። ካሊብሬሽን የሚሠራው ባለሙያ ሴንሰሩን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢፈትነው ያለ እንከን ያልፋል። የተበላሸው ሴንሰሩ ሳይሆን ያለበት ቦታ ስለሆነ፣ ብልሽቱን የሚያገኘው ግድቡ ድረስ ሄዶ በሜትር የለካ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፒኤልሲው እንውጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፒኤልሲም እንደዚያው ነው። በመስከረም ወር በዚያው ግድብ ላይ ውኃ ሲፈስ ታይቶ ነበር። ቀጥሎም ሠራተኞቹ ቧንቧዎቹ መጉበጣቸውን አዩ። ምን አደረጉ? ፕሮግራሙ ውስጥ የማስተካከያ ቁጥር ጨመሩ፤ ፓምፕ የሚቆምበትንም ከፍታ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አደረጉት። የቧንቧው ጥገና ጣቢያው ለሥራ እስኪቆም ድረስ ተላለፈ። ስንቶቻችን ነን ይህን ያላደረግን? የሜካኒክ ችግር በኪቦርድ ይታከማል፤ ሁለት ደቂቃ ነው፤ መሰላል አያስወጣም። ነገር ግን የተጨመረው ቁጥር ቋሚ ነው፤ ቧንቧው ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም። ቁጥሩ በገባበት ቀን ትክክል የነበረው ንባብ ከሳምንታት በኋላ ሐሰት ሆነ።

«መጠባበቂያው የት ሄደ?» ትሉ ይሆናል። ነበረ። ውኃ ሲነካቸው ፓምፑን የሚያቆሙ፣ ከግፊት ሴንሰሮቹ የተለዩ ሁለት የመጨረሻ መከላከያዎች ነበሩ። እነዚህ ግን የተሰቀሉት ከግድግዳው ዝቅተኛ ቦታ በላይ ነበር። የድንጋይ ካብ ከዓመት ዓመት ይሰምጣል፣ የሚሰምጠውም እኩል አይደለም፤ ስለዚህ የግድግዳው ጫፍ በየቦታው ከፍታው ይለያያል። ውኃው መከላከያው ጋ ሳይደርስ በዝቅተኛው በኩል ፈሰሰ። ይህ አልበቃ ብሎ አንዱ ሲነካ ፓምፑን እንዲያቆም የነበረው ፕሮግራም፣ ሁለቱም ካልተነኩ እንዳያቆም ተደርጎ ተለውጦ ነበር። እንዲህ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት ፓምፕ እያቆመ ያስቸገረን አላርም ዝም ለማሰኘት ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የጥበቃ ሎጂክ ውስጥ «ወይም» የነበረውን «እና» ማድረግ አንድ መስመር መለወጥ ነው። ስክሪኑ ላይ ምንም የሚታይ ለውጥ አያመጣም።

ስለ ስክሪኑ ብዙ የምለው የለኝም። ስክሪን ከታች የመጣለትን ይሥላል። ቀለሙ ቢያምር፣ ግራፉ ቢለሰልስ፣ እውነቱን አንዲት ሴንቲ ሜትር አያቀርበውም። ይልቁንም ሦስት ሴንሰሮች ተደምረው አማካያቸው አንድ ቁጥር ሆኖ ሲቀርብ፣ ኦፕሬተሩ ሦስት ምስክር ያለው ይመስለዋል። ሦስቱም በአንድ ማሰሪያ ከተያዙና ማሰሪያው ከላላ ምስክሩ አንድ ነው፤ እሱም ሐሰተኛ። ከፍተኛ እና በጣም ከፍተኛ ብለን የደረደርናቸው አላርሞችም ከዚያው አንድ ንባብ የሚነሡ ከሆነ፣ ንባቡ ሲዋሽ አብረው ዝም ይላሉ።

ባለቤቱ ኩባንያ ከፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ጋር በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጨረሰ። ግድቡ እንደ አዲስ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ገንዘቡም ኮንክሪቱም ተገኘ። እኛ ግን በየግድባችን፣ በየውኃ ማጠራቀሚያችንና በየነዳጅ ታንካችን ሥር ቤት ሠርቶ የተኛ ሰው እንዳለ አንርሳ።

እባካችሁ፣ ይህ ወር ሳያልቅ አንድ ቀን ከወንበራችሁ ተነሡ። ሜትር ይዛችሁ ውኃው ድረስ ሂዱ፤ በእጃችሁ ለክታችሁ በዚያችው ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩት። የመጨረሻው መከላከያ ከግድግዳው ዝቅተኛ ቦታ በታች መሆኑን በቀያሽ አስለኩ፤ የድሮ ፕላን አትመኑ። የፒኤልሲውን ፕሮግራም ክፈቱና በጥበቃው ሎጂክ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን ቁጥር እንደጨመረ ጠይቁ፤ መልስ የሚሰጥ ካጣችሁ ቁጥሩን እንደ ብልሽት መዝግቡት። የለካችሁትና ስክሪኑ ካልተስማሙ ኪቦርዱን አትንኩ። ፓምፑን አቁሙና ወርዳችሁ ቧንቧውን እዩ።