የሃይድሮጂን ቦታ፦ የተለካ ወይስ የተሰላ?

በክሪስታል መዋቅር ጥናቶች ሠንጠረዥ ላይ ሰፍሮ የምናገኘው የሃይድሮጂን አቶም ቦታ ብዙ ጊዜ የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው። ይህ ልዩነት በመመረቂያ ጽሑፎቻችን በግልጽ ሊነገር ይገባል የሚል አቋም አለኝ።

ምክንያቱ ከጨረሮቹ ጠባይ ይነሣል። ኤክስሬይን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ሃይድሮጂን ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ወደተሳሰረው አቶም ያዘነብላል። ስለዚህ ኤክስሬይ የሚያሳየን የኤሌክትሮኑን ደመና እንጂ የኒውክሊየሱን ቦታ አይደለም። በአሮማቲክ ቀለበት ላይ የካርቦንና የሃይድሮጂን ርቀት በኤክስሬይ 0.95 አንግስትሮም ገደማ ሆኖ ሲታይ፣ ኒውክሊየሱን በቀጥታ በሚያየው ኒውትሮን ግን 1.08 ገደማ ነው። ደካማውን የኤክስሬይ ምልክት ለማገዝ አብዛኛው ተመራማሪ ሃይድሮጂኑን በታወቀ ርቀት ላይ አስቀምጦ ከካርቦኑ ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ በመዋቅሩ ፋይል ውስጥ `_refine_ls_hydrogen_treatment` የሚለው መስመር `constr` ካለ፣ የሃይድሮጂኑ ቦታም የስሕተት መጠን በቅንፍ ካልተጻፈለት፣ ቁጥሩ የመነሻ ግምት እንጂ ውጤት አይደለም። በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ስለ ሃይድሮጂን ትስስር ርዝመት መከራከር የራስን ግምት መልሶ ማንበብ ነው።

ጎረቤት ንጥረ ነገሮችን በመለየት ረገድም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ስፒኔልን (MgAl₂O₄) እንመልከት። ማዕድኑ ሲሞቅ አንዳንድ የማግኒዥየምና የአሉሚኒየም አየኖች ቦታ ይለዋወጣሉ። Mg²⁺ም ሆነ Al³⁺ 10 ኤሌክትሮን ስላላቸው፣ ልውውጡ በኤክስሬይ ነጸብራቆች ጥንካሬ ላይ የሚያሳድረው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው። የኒውትሮን የብተና ርዝመታቸው ግን 5.38 እና 3.45 ፌምቶሜትር በመሆኑ፣ ምን ያህሉ ቦታ እንደተለዋወጠ በቀጥታ ይገመታል።

ይህ ማለት ኒውትሮን ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። ብረትና ኒኬል 9.45 እና 10.3 ፌምቶሜትር ስለሆኑ በኒውትሮንም እምብዛም አይራራቁም። ተራው ሃይድሮጂን በዱቄት ናሙና ላይ ከባድ የጀርባ ምልክት ስለሚፈጥር ብዙውን ጊዜ በዲዩቴሪየም መተካት ያሻል። ለነጠላ ክሪስታል ጥናትም በተለምዶ ከኤክስሬዩ እጅግ የሚበልጥ ክሪስታል ያስፈልጋል፤ ጨረሩም የሚገኘው በምርምር ሪአክተር ወይም በስፓሌሽን ማዕከል ብቻ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጥናት ኒውትሮን ይጠቀም አልልም። ኒውትሮን የሌለው ተማሪ በኤክስሬይ በአስተማማኝ የሚለካውን፣ ለምሳሌ በሃይድሮጂን ትስስሩ ሁለት ጫፍ ያሉትን ኦክስጅኖች ርቀት፣ በማስረጃነት ያቅርብ፤ ያሰላውንም “የተሰላ” ብሎ ይጻፍ። ድምዳሜው በሃይድሮጂኑ ትክክለኛ ቦታ ወይም እኩል ኤሌክትሮን ባላቸው አየኖች ድርድር ላይ የሚቆም ከሆነ ግን፣ ገምጋሚዎች የኒውትሮን ማስረጃ ቢጠይቁ ተገቢ ነው።