ቆንጅዬ ወይስ ክብርት ደንበኛችን?

ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት ደንበኛችን በዋትሳፕ ፎቶ ላከችልን። ከሦስት ሳምንት በፊት ከእኛ ሱቅ የወሰደችው ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ነው። አንድ ጊዜ ታጥቦ የጥለቱ ቀይ ቀለም ወደ ነጩ ለቋል። ከሥሩ «ይሄን ነው የሸጣችሁልኝ?» ብላ ጽፋለች። ወዲያው ከሱቃችን የሄደላት መልስ እንዲህ ይላል፦ «ቆንጅዬዬ! ናፍቀሽኛል እኮ 😍 ዛሬ ደግሞ ምን አምሮሽ ነው?»

ይህን ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው የለም። ዋትሳፕ ቢዝነስ ላይ ሞልተን የተውነው የሰላምታ መልእክት ነው። እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍልን ሰው ብቻ የሚሄድ ይመስለን ነበር። ለካ ለ14 ቀን ሳይጽፍ የቆየ ደንበኛ ሲመለስም ይሄዳል። ልብስ ገዝቶ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ወይ ሊደግም ነው፣ ወይ ሊያማርር ነው። ስልኩ ይህን አይለይም።

ያቺ ደንበኛ ለእህቷ ሠርግ ስምንት የሚዜ ቀሚስ ልታዝዝ ተነጋግረን ነበር። በ6,500 ሽልንግ ሲሰላ 52,000 መሆኑ ነው። ትዕዛዙ ቀረ። መልእክቱን ግን ፎቶ አንስታ በዕቁባችን ቡድን ለጠፈችው። እኔም ያየሁት እዚያው ነው፣ ከሚስቁት ሰዎች መሀል ሆኜ።

ሱቁን የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው። እኔ ዕቃውን ከሽሮ ሜዳ ገዝቼ በሞያሌ አስገባለሁ፤ የወንድሜ ሚስት ኢስትሊ ሆና ትሸጣለች፣ ስልኩንም የምትይዘው እሷ ናት። በመጀመሪያ የተቆጣሁት በእሷ ቀልድ ነበር። «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በሥርዓት ይጻፍ» ብዬ ስልኩን ተቀበልኩ። ከፎቶ ሥር የጻፍኩት ይኸው፦ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ጥራታቸውን የጠበቁ የሀገር ባህል አልባሳት በተመጣጣኝ ዋጋ ማስገባታችንን በደስታ እንገልጻለን።» የቀበሌ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ማንም አልጠየቀም። እሷ ያንኑ ፎቶ መልሳ ስትለጥፍ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የምትሉ፣ ሳይበጣጠስ ኑ! 6,500 ሽልንግ፣ ከስሞል እስከ ኤክስ ኤል» አለች። እስከ ሌሊት ስልኩ ሲጮህ አመሸ።

ሁለቱን ጽሑፎች አስተያዩአቸው። በእሷ ቀልድ ውስጥ ዋጋም መጠንም አለ። በእኔ ኮስታራ ጽሑፍ ውስጥ «ተመጣጣኝ» የሚል ቃል እንጂ ዋጋ የለም። ብዙዎቻችን ኮስተር ማለትንና ግልጽ መሆንን አንድ አድርገን እናያለን። ለዚህ ነው «የሱቃችን ድምፅ ቀልደኛ ይሁን ወይስ ጨዋ?» የሚለው ጥያቄ በራሱ የተሳሳተ የሚመስለኝ። ከፎቶ ሥር ለብዙ ሰው የምንጽፈውና ለአንድ ሰው የምንመልሰው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፤ ድምፁም እንደዚያው።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው ቀልዱ አይደለም፣ ግሡ ነው። ጎረቤታችን ያለው ኬንያዊ ነጋዴ «ካሪቡ» ብሎ ሲጽፍ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለልጁም ለሽማግሌውም ይሆንለታል። እኛ ግን «እዘዝ»፣ «እዘዢ»፣ «ይዘዙ» ወይም «እዘዙ» ከሚሉት አንዱን ሳንመርጥ አንዲት የትዕዛዝ ቃል እንኳ መጻፍ አንችልም። አንዱን በመረጥን ቅጽበት ደግሞ ሱቃችን ማንን እንደሚያናግር ተናግረናል። ከፎቶ ሥር «አንቺ» ካልን ለሚስቱ ቀሚስ ሊገዛ የመጣው ባል ያልፈናል፤ እናቶችም ለልጆች ብቻ የተጻፈ ይመስላቸዋል። «እርስዎ» ካልን ባንክ እንመስላለን፣ ቀልድም አይወጣበትም። «እናንተ» ግን ይጫወታል፣ ማንንም አይነካም። «ሳይበጣጠስ ኑ!» የሚለውን እናትም ሚዜም ባልም ሳይከፋቸው ያነቡታል። በእኔ አስተያየት ለብዙ ሰው የሚለጠፍ ጽሑፍ ሁልጊዜ በ«እናንተ» ቢሆን ይሻላል።

መልስ ላይ ግን «እናንተ» አይሠራም፤ የጻፈው አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አናውቅም። ፎቶው የሕፃን ልጅ ነው፣ ስሙ የ«እገሌ እናት» ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ይሁን ስልሳ ከዚያ አይታወቅም። ስለዚህ በ«እርስዎ» እንጀምራለን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መውረድ አያስቸግርም። ራሷ «ኧረ አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ» ትላለች፣ ያን ጊዜ ጨዋታው ይጀመራል። ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» መውጣት ግን ይቅርታ መጠየቅ ነው። (ሐረር ያደገ ሰው ታላቁን «አንተ» ቢል ማንም አይቀየምም ይባላል። ጎንደር ወይም ጎጃም ላደገ ደንበኛ ግን ያው ቃል በር መዝጋት ነው፤ ኢስትሊ ላይ ሁለቱም በአንድ ስልክ ይጽፋሉ።)

ሰውየውን ጨርሶ ሳይጠሩ መመለስም ይቻላል። የግሡን ባለቤት ሱቁን ወይም ዕቃውን ማድረግ ነው፦ «ዋጋው 6,500 ነው»፣ «ነገ እንልካለን»፣ «ነጩ አልቋል፣ ክሬሙ አለ።» ማንም «አንተ» አልተባለም፣ ማንም «አንቺ» አልተባለም፣ ነገሩ ግን አለቀ። የተሳሳተ ጾታ ጠርተን ከምናፍር ይህ ይበልጣል።

«ቆንጅዬ»ን ያስጣለን ሌላም ነገር አለ። የወንድሜ ሚስት ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ስትሄድ ስልኩ እኔ ዘንድ ቀረ። የለመደውን የሱቁን ድምፅ ላለማቋረጥ ብዬ ለአንዲት ደንበኛ «እሺ ቆንጅዬ፣ ተቀምጦልሻል» ብዬ ጻፍኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ባሏ ደወለ። እንዴት እንዳስረዳሁት እኔ አውቃለሁ። ያን ዕለት የገባኝ የሱቅ ድምፅ ማለት ስልኩን የያዘ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ሊናገረው የሚችል መሆን እንዳለበት ነው። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን «ወላል»፣ «አባዮ» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲሸጡ ማንም አይደውልባቸውም፤ የዝምድና ቃል ነውና። የእኛም «እህቴ»፣ «ወንድሜ»፣ «እትዬ»፣ «እናቴ» ያንኑ ሙቀት ይሰጣሉ፣ የሰውን መልክ ግን አይመዝኑም። አሁን የምንጠቀመው እነዚህን ነው።

ቀልድ የት ላይ ይቁም? ገንዘብ ከሰው እጅ የወጣ ጊዜ። ሁላችን በኪሳችን የያዝነውን ኤምፔሳ እንይ። በ2007 ኬንያ ላይ ሲጀመር ማስታወቂያው «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ነበር፤ ቤተሰብን የሚያስታውስ፣ ሆድ የሚነካ ቃል። ገንዘብ ስንልክ የሚመጣው የጽሑፍ መልእክት ግን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል፤ ኮድ፣ መረጋገጡን የሚናገር አንድ ቃል፣ የገንዘቡ መጠን፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ ቀሪ ሒሳብ። ጨዋታ የሚባል ነገር የለበትም። እንደዚያ ደረቅ ስለሆነ ነው እኛም አንድ ሰው «ከፍያለሁ» ሲል መልእክቱን አሳየኝ የምንለው። እዚያ መሀል «ጎበዝ ከፋይ 😂» የሚል ቢገባበት ማን ያምነው ነበር?

ቀለሙ የለቀቀባት ደንበኛም በዚያ ሰዓት ገንዘቧ ከእጇ የወጣ፣ ልብሷ የተበላሸባት ሰው ነበረች። አውቶማቲኩ መልእክት ብቻ አይደለም የበደላት። ከሰዓት በኋላ ከሱቃችን በእጅ የተጻፈላትም «ኧረ ምን አድርገሽው ነው? በረኪና ነክረሽው ነው እንዴ 😂» የሚል ነበር። ለወዳጅ ቀልድ ነው፤ ለተበደለ ሰው ግን ጥፋቱን በእሷ ላይ ማላከክ ነው። በኋላ ቁጭ ብለን መጻፍ የነበረብንን ጻፍነው፦ «እህቴ፣ ፎቶውን አይተነዋል። የጥለቱ ቀለም ለቋል፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ቀሚሱን ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ማምጣት ይቻላል፤ በሌላ እንቀይራለን ወይም 6,500ውን በኤምፔሳ እንመልሳለን።» መጀመሪያ የዝምድና ቃል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀጥሎ የሆነው ነገር በስሙ ተጠርቶ፣ ቀጥሎ ቁጥርና ሰዓት። ፈገግታ የሚያሳይ ምስል የለም። «ለተፈጠረው ነገር ከልብ እናዝናለን» የሚል ረጅም ይቅርታም የለም፤ ምን እንደተፈጠረ የማይናገር ይቅርታ ከቀልዱ የባሰ ያናድዳል።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። «4 ሰዓት» ብለን ስንጽፍ ሀበሻው ይገባዋል፣ በስዋሂሊ የሚያስበውም ይገባዋል፤ እነሱም እንደእኛ ነው የሚቆጥሩት። ናይሮቢ ተወልደው በእንግሊዝኛ ሰዓት ያደጉ ልጆቻችን ግን ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ «ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ 10» ብለን እንጽፋለን።

የሰላምታ መልእክቱንም ለወጥነው። ማን እንደሚጽፍና ለምን እንደሚጽፍ የማያውቅ መሣሪያ ሊቀልድ አይገባውም። አሁን «ሰላም፣ መልእክትዎ ደርሶናል። ሱቁ ክፍት ከሆነ ሰው ይመልስልዎታል፤ ከተዘጋ ጠዋት እንመልሳለን» ይላል፣ ከሥሩ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት። የወንድሜ ሚስት «ደረቅ ነው» ትላለች። ልክ ናት፣ ደረቅ ነው። ጨዋታዋን ከፎቶ ሥር እንደልቧ ትጽፋለች፤ እኔም እዚያ ላይ እጄን አላስገባም።

ባለፈው ወር ማታ ላይ አንድ ሰው «ነጠላ አለ?» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ከለጠፍነው ፎቶ ሥር የቡና ቀልድ ነበር፤ በዚያው ስሜት ብትመልስለት ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን «አለ፣ ወንድሜ። ለምን ጊዜ ይፈለጋል?» አለችው። «ለነገ። እናቴ አርፋለች፣ ለእህቶቼ ነው» አለ። ጥለት የሌላቸውንና ጥለታቸው ጠቆር ያለውን፣ አዘቅዝቀው ቢለብሱት የማይጮኸውን ለየች፣ የሦስቱን ፎቶ ላከች፣ ዋጋውን በቁጥር ጻፈች፣ «ነፍስ ይማር። ሱቁን ማለዳ እንከፍታለን» አለችና ስልኩን አስቀመጠችው።