ትንሹ አቃቂ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?

የፋይሉ ስም REC_20241109_093012.mp3 ነው። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሌክቸር ሲሆን በ64 ኪሎቢት ስለተቀዳ 43 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በውስጡ ምን እንዳለ ከስሙ ማወቅ አይቻልም። ስልኩ ራሱ ያወጣው ስም ስለሆነ የሚናገረው መቼ እንደተቀዳ ብቻ ነው፤ እሱንም በፈረንጆች አቆጣጠርና በፈረንጆች ሰዓት። 20241109 ማለት ቅዳሜ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ 093012 ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። የክፍሉ የቴሌግራም ቻናል ላይ እንዲህ ዓይነት ስም ያላቸው ፋይሎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው አንዳንዴ «የዛሬው» የሚል ቃል ይጻፋል፣ አንዳንዴም እሱም የለም።

የፋይሎቹ ባለቤት ቅዳሜና እሑድ የምትማር የሰፈራችን የመካኒሳ ልጅ ናት። በሥራ ቀን ከመካኒሳ በሳር ቤት ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ስትይዝ ጆሮዋ ላይ የምታደርገው ሌክቸሩን ነው። ሚድ ፈተና ሲደርስ አንድ ነገር ፈለገች። የጂኦግራፊ መምህሯ ስለ ወንዞች ሲያስተምሩ በመካኒሳ የሚያልፈውን ትንሹን አቃቂ አንስተው ነበር፤ የጓሮ አትክልቱ በዚያ ውኃ ስለሚለማበት ሜዳ፣ ወንዙም በመጨረሻ የት እንደሚገባ ተናግረዋል። ሞጁሉ ላይ ይህ የለም። ቻናሉ ላይ «አቃቂ» ብላ ብትፈልግ ምንም አልወጣም፤ ያለው ድምፅ ነውና። የቴሌግራም ፍለጋ የሚያየው የተጻፈውን እንጂ የተነገረውን አይደለም። የቀራት አማራጭ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያወረዱ መስማት ነበር፤ የተሳሳተ ፋይል ባወረደች ቁጥር ደግሞ 43 ሜጋባይት ይሄዳል።

ይህ ልማድ የገባን በ2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ኮቪድ መጥቶ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲበተኑ መምህራን ያገኙትን መንገድ ተጠቀሙ፤ ለአብዛኛው ተማሪ ቅርብ የነበረውም ቴሌግራም ነው። ያኔ ጉዳዩ ትምህርቱን ማድረስ ነበርና ስለ ስሙ የሚጨነቅ አልነበረም። በሽታው አለፈ፣ ክፍል ተመለስን፣ ስም ሳይሰጡ መልቀቁ ግን እንዳለ ቀጠለ። ዛሬም በየክፍሉ የሚቀዳውና የሚለጥፈው አንድ ተወካይ ነው፤ የቻናሉ ሥርዓትም በእሱ ትጋትና ባሕርይ ልክ ይሆናል።

እኔ የምለው ቀላል ነው። አንድ ቅጂ አራት ነገር ይዞ መለጠፍ አለበት፦ ኮርሱን፣ ሳምንቱን፣ ርዕሱን፣ ዋና ዋና ነጥቦቹን። የኮምፒውተር ሰዎች ሜታዳታ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ያልቃሉ፤ ሁለቱ ግን ከሚመስለው በላይ ተንኮል አላቸውና በእነሱ ላይ ልቆይ።

ኮርሱ ኮድ አለው፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ በብዙ ዩኒቨርሲቲ GeES 1011 ነው። ኮዱን ከሙሉ ስሙ ጋር አብሮ መጻፍ ነው፤ አንዱ በኮድ ሌላው በስም ይፈልጋልና። ርዕሱም ከኮርስ አውትላይኑ ላይ ቢገለበጥ ይበቃል።

ሳምንቱ ግን ያጣላል። «ሳምንት 5» ሲባል ትምህርት ከተጀመረ አምስተኛው ሳምንት ነው ወይስ አውትላይኑ ላይ በአምስተኛው ሳምንት የተመደበው ትምህርት? መምህሩ አንድ ቀን ቀርተው በሌላ ቀን ካካካሱ ሁለቱ ይለያያሉ። የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ዘንድ ደግሞ በአንድ ቀን የሁለት ሳምንት ትምህርት ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ የቀን ተማሪውና የእሱ ቁጥር አይገናኙም፣ ቅጂ ሲዋዋሱም አንዱ የሌላውን «ሳምንት 5» ከፍቶ ሌላ ትምህርት ያገኛል። በእኔ እምነት ቁጥሩ የአውትላይኑ ይሁን፣ ቀኑም ለብቻው ይጻፍ። የትምህርት ዘመኑ ቢገፋ፣ ቢቋረጥ፣ ቢታጠፍ የአውትላይኑ ቁጥር አይናወጥም። ቀኑን በወር ስም መጻፍም ይሻላል። «2017-02-30» ብሎ የጻፈ ሰው ጥቅምት 30 ማለቱ ነው፤ የፈረንጅ ሠንጠረዥ ግን የካቲታቸው ሠላሳ ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበለውም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። አብዛኛው ተወካይ ማጠቃለያ ጻፍ ሲባል የሞጁሉን ንዑስ ርዕሶች ይገለብጣል። ይህ ምንም አይጠቅምም፤ ሞጁሉማ ተማሪው እጅ ላይ አለ። ቅጂውን የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ሞጁሉ ላይ የሌለውን ነው፦ መምህሩ ከራሳቸው ያመጡትን ምሳሌ፣ በሰሌዳ ላይ ያስረዱትን፣ «ይኼን ልብ በሉ» ያሉትን፣ ያረሙትን ስሕተት። ስለዚህ አጥኚው ነገ ምን ብሎ እንደሚፈልግ አስቦ መጻፍ ያስፈልጋል። የኛዋ ልጅ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው በዚያው ዕለት ማታ ቢቀመጥ ኖሮ እንዲህ ሊጽፍላት ይችል ነበር፦

```
GeES 1011 | የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ
ሳምንት 5 | ቅዳሜ ጥቅምት 30 ቀን 2017
ርዕስ፦ ወንዞችና ተፋሰሶች
04:10 ሦስት የፍሰት አቅጣጫ፦ ምዕራብ፣ ደቡብ ምሥራቅ፣ ስምጥ ሸለቆ
21:35 ዓባይ አባይ Abay፣ ተከዜ፣ ባሮ
47:20 ትንሹ አቃቂ፣ መካኒሳ፣ አባ ሳሙኤል
1:02:15 አዋሽ Awash፦ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ይቀራል
ፍለጋ፦ drainage, basin, rift valley
```

ቴሌግራም ከአንድ ፋይል ጋር 1024 ፊደል ድረስ እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ ይህ ግማሹንም አልነካም። 47:20 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ሲነካ ቅጂውን ከዚያው ደቂቃ ያስጀምራል። ልጅቷ «መካኒሳ» ብላ ብትጽፍ ይኸው መልእክት ይመጣላታል፤ ነካ ብታደርገው መምህሩ ስለ ሰፈሯ ወንዝ ሲናገሩ ትሰማለች፦ ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይገባሉ፣ አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። የመካኒሳ ውኃ ባሕር አያይም ማለት ነው። የሚያስታውሱት እንዲህ ያለውን ነው፤ ፈተና ላይም የሚያግዘው እሱ ነው።

«ዓባይ አባይ» ተብሎ ሁለቴ የተጻፈው በስሕተት እንዳይመስላችሁ። እኛ አንባቢዎች ዓባይ፣ አባይ፣ ዐባይ ብንል አንድ ወንዝ እናያለን። ፈላጊው መሣሪያ ግን የሚያየው ሦስት የተለያየ ቃል ነው፤ ሞክሼ ፊደል አያውቅም። ሥነ ምኅዳር ብሎ የለጠፈና ስነ ምህዳር ብሎ የፈለገ አይገናኙም። ለንባብ የሚጻፍ ጽሑፍ ላይ የፊደል ጥንቃቄ ተገቢ ነው፣ እኔም አጥባቂ ነኝ፤ እዚህ ግን ትክክለኛውን ጽፎ ሕዝብ የሚጽፈውን ደግሞ ከጎኑ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። የትምህርቱ ቋንቋም እንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ቃሉን በዚያው ፊደል ሊፈልገው ይችላል፤ የመጨረሻዋ መስመር ለዚህ ናት።

ሌላም አለ፣ ይህ ከአማርኛ ሰዋስው የሚመጣ ጣጣ ነው። «የአዋሽን መነሻ» ብላችሁ ጽፋችሁ «አዋሽ» ብላችሁ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። ብዙ የፍለጋ መሣሪያ ቃልን ከመጀመሪያ ፊደሉ ነው የሚይዘው። ከኋላ «ን» ቢጨመርበት ችግር የለም፣ ከፊት «የ» ወይም «በ» ወይም «ከ» ሲለጠፍበት ግን ቃሉ በ«አ» መጀመሩ ይቀርና ይጠፋል። ስለዚህ ነጥብ ሲጻፍ የቦታውም የሰውም ስም ራቁቱን ይቀመጥ፦ «አዋሽ፦ መነሻ» እንጂ «የአዋሽ መነሻ» አይሁን። ዓረፍተ ነገሩ አያምርም፣ ይገኛል።

ቅጂውን በድምፅ መልእክት መልክ የሚልኩም አሉ፤ የማይክሮፎኗን ምልክት ተጭኖ የሚላከው ማለቴ ነው። ያ ዓይነቱ ፋይል ስም የለውም። በተራ የድምፅ ፋይል ቢላክ ግን ርዕሱና ኮርሱ ፋይሉ ውስጥ ራሱ ሊጻፍ ይችላል፤ ከቻናሉ ወጥቶ በፍላሽ ከሰው ሰው ቢተላለፍ እንኳ አብሮት ይሄዳል። ኮምፒውተር ላለው ሰው ድምፁን ሳይነካ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል፦

```
ffmpeg -i REC_20241109_093012.mp3 -c copy -metadata album="GeES 1011" -metadata track=5 -metadata title="ወንዞችና ተፋሰሶች" GeES1011_05.mp3
```

ቁጥሩ 05 ተብሎ መጻፉ ምክንያት አለው፤ 5 ብቻ ከሆነ አንዳንድ ስልክ ላይ ሳምንት 10 ከሳምንት 5 ቀድሞ ይሰለፋል።

አደጋ የሌለው ነገር አይደለም። ማጠቃለያ የሚጽፍ ተማሪ ሊሳሳት ይችላል፣ ክፍሉ በሙሉ ያንኑ ስሕተት ይዞ ፈተና ይገባል። ስለዚህ ነጥቡ መልስ ከሚሆን ይልቅ ወደ ደቂቃው የሚመራ ቢሆን ይሻላል፤ አንባቢው ከመምህሩ አፍ ይስማው። መምህሩ በሳምንት 6 መጥተው ያለፈውን ካረሙ ደግሞ እርማቱ በሳምንት 5 ላይ ነው መጻፍ ያለበት፤ የሚፈልገው ሰው የሚደርሰው እዚያ ነውና። ለዚህ ግሩፕ አይመችም፣ ሁለት ቀን ካለፈው መልእክቱ አይታረምም። ቻናል ላይ ግን ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ያርማል። መምህሩ ሳያውቁ መቅዳትስ? አይገባም፤ አንድ ቃል ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ምንም አይከብድም፣ ብዙዎቹም ደስ ይላቸዋል። ስለ ውጤት ወይም ስለ አንድ ተማሪ የተነገረው ክፍል ከመለጠፉ በፊት ይቆረጥ።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ዋናው በዚያው ዕለት መሆኑ ነው። ሳምንት ካለፈ ጸሐፊውም ቅጂውን እንደ አዲስ መስማት አለበት፤ ያን ጊዜ ሥራው ከሌክቸሩ ይረዝማል፣ እናም አይሠራም። ተወካዩ ብቻውን እንዳይሸከመው ክፍሉ በየሳምንቱ ተራ ቢገባ መልካም ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም ኮርስ አውትላይኑን በመጀመሪያው ቀን ብትሰጡ ሳምንቱን ማን ምን ብሎ ይቁጠረው የሚለው ክርክር ያልቃል። ተወካዮች ሆይ፣ የዚህን ቅዳሜ ቅጂ ከመልቀቃችሁ በፊት አራቱን ነገር ጻፉበት፤ ደቂቃዎቹንም አትርሱ።