አራት ነጥቧ ለምን አስከፋችኝ?

ዛሬ ስለ አንዲት አራት ነጥብ ልጽፍላችሁ ነው።

የልብ ጓደኛዬ ዘንድሮ ከቤተሰቧ ጋር ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሄዳለች። የምንገናኘው በእናቴ ስልክ በሜሴጅ ነው። አንድ ቀን «ሰላም ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው? ፈተናው እንዴት ነበር? ናፍቀሽኛል» ብዬ ላክሁላት። መልሷ ግን «ደህና ነኝ።» የሚል ብቻ ነበር። ከአራት ነጥቧ ቀጥሎ ባዶ ሳጥን አለ፣ እንዲህ □። እኔም «በቃ፣ አዲስ ጓደኛ አግኝታለች» ብዬ አኮረፍኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ አልጻፍኩላትም።

ለምንድን ነው ያቺ ነጥብ ያስከፋችኝ? ደብተር ላይ አራት ነጥብ ዓረፍተ ነገር አለቀ ማለት ብቻ ነው። ሜሴጅ ግን ሲላክ ራሱ አልቋል። ስለዚህ ነጥቧ ትርፍ ሆና «ጨርሻለሁ፣ አትጨምሪ» የምትል መሰለኝ። በአካል ስንገናኝ እኮ እንዲህ አይደለም። ተሳስመን «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ?» እያልን እንደጋግመዋለን። አያቴማ ከገጠር ስትመጣ ከሰው አልፋ ስለ ከብቱም ስለ አዝመራውም ትጠይቃለች። ሜሴጅ ላይ ድምፅም ፊትም ስለሌለ፣ ያንን ሁሉ በትንንሽ ምልክቶች ውስጥ እንፈልጋለን።

ቆይቼ ሳስበው ግን አባቴም ሲጽፍ ሁልጊዜ አራት ነጥብ ያደርጋል፣ ከእሱ ሲሆን ከፍቶኝ አያውቅም፤ ልማዱ ነዋ! ጓደኛዬ ግን በፊት አድርጋ አታውቅም። ስለዚህ ያስከፋኝ ምልክቱ ሳይሆን ልማዷ መቀየሩ ነው። ቃለ አጋኖም እንደዚሁ ነው። ሁልጊዜ አምስት የሚደረድር ልጅ ስድስተኛ ቢጨምር ምንም አይመስለንም። ዝምተኛዋ ልጅ አንድ ብቻ ስታደርግ ግን ደስ ይለናል። ተገልብጣ የምትጻፈዋ ትእምርተ ስላቅ ደግሞ ሰላምታውን ራሱ ትገለብጠዋለች። አርፍጄ ስገባ አንድ ልጅ በብጣሽ ወረቀት «እንኳን ደህና መጣሽ¡» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፤ እየሾፈብኝ እኮ ነው! ምልክቷን የማያውቅ ሰው ግን ተሳስቶ የገለበጣት ይመስለዋል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ለጥር 25 የመርቆሬዎስ በዓል ስትመጣ ለምን እንደዘጋኋት ጠየቀችኝ። የላከችውን በስልኳ ስታሳየኝ ከአራት ነጥቧ ቀጥሎ ሦስት ልብ ያለው ፈገግታ 🥰 ነበር! ሞባይል ጥገና የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ምክንያቱን ነገረን። ሜሴጅ ሲላክ የሚሄደው የሥዕሉ ቁጥር ነው፤ ሥዕሉን የሚያወጣው የተቀባዩ ስልክ ነው። ይህ ፊት የተጨመረው በፈረንጆች 2018 ነው። የእናቴ ስልክ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ሥዕሉ የለውም፣ በቦታው ሳጥን ያወጣል። ነጥቧንስ? አማርኛ መምህራቸው ሥርዓተ ነጥብ አስተምረዋቸው እየተለማመደች ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት በከንቱ ተቃጠልኩ።

አንዳንድ ልጆች «በቴሌግራም ስቲከር መላክ ይሻላል፣ አያጣላም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስቲከር ያስቃል፣ ያምራልም። ግን ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ለማንም ይላካል። ለበዓል የሚመጣልኝን እዩት፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። ብቻዬን ነኝ እኮ፣ «ችሁ» ምን አመጣው? ጓደኛዬ በእጇ ብትጽፈው «እንኳን አደረሰሽ» ትለኝ ነበር። በዚያች «ሽ» ውስጥ እኔ አለሁ።

«ረጅም ሰላምታ ገንዘብ ይበላል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ሜሴጅ 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታም ይቆጠራል፣ 🥰 ደግሞ እንደ ሁለት ይቆጠራል። እኔ ግን መጀመሪያ የላክሁላትን ሰላምታ ብቆጥረው 43 ሆነ። የእናቷን ጤና፣ ፈተናዋንና ናፍቆቴን ይዞ ገና 27 ይተርፈዋል!

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ በቃል እንጠይቅ፣ ፈገግታውና ስቲከሩ ከኋላ ይከተል። እንዲህ ከሆነ ሥዕሉ ሳጥን ሆኖ ቢደርስ እንኳን ሰላምታው አይጠፋም። የጓደኛችን ምልክት ሲቀየርብን ደግሞ ከማኩረፋችን በፊት «ምን ሆነሽ ነው?» እንበል። ይቺ ጥያቄ 10 ምልክት ብቻ ናት፣ እኔን ግን ከአንድ ሳምንት ኩርፊያ ታድነኝ ነበር።

ደህና ሁኑ! (ቃለ አጋኖዋን እዩዋት፣ አልተገለበጠችም።)

ከ7ኛ «ለ» ክፍል