ለአምስት ዓመት ልጅ የ15 ዲናር ኬክ ምን ያደርግላታል?

እህቶቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ትቀየሙኝ ይሆናል፣ ግን ልናገር። የልጅ ልደት በመጣ ቁጥር ለፎቶ ተብሎ የሚወጣው ገንዘብ አልዋጥልሽ ብሎኛል። የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ 60 ዲናር ነው። የ15 ዲናር ኬክ ማዘዝ የአንድ ሳምንት ልፋት በአንድ ቀን መቁረጥ ነው። ማዳሜ ቤት ልደት ሲደገስ ሳህን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ክሬሙን ልሰው ሌላውን ጥለውት ነው የሚሄዱት።

ባለፈው ወር ፈርዋንያ የምትኖር ጓደኛችን ልጇ አምስት ዓመት ሞላት፣ ስምንት ልጆች ጠራች። ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ማር፣ የፈንዲሻ በቆሎ፣ ብርቱካንና ፊኛ ገዛን፤ ሁሉም 7 ዲናር አልሞላም።

ዋናው ዳቦው ነው። 1 ኪሎ ዱቄት ለስምንቱም ለእናቶቻቸውም በቃ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አራት ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ማቡካት። ኤሲ ያለበት ክፍል ሊጡ ቶሎ አይነሳም፣ ኩሽና አስቀምጡት፤ እጥፍ ሲሆን ደርሷል። ኦቨን የሌላት ወፍራም ድስት ዘይት ቀብታ፣ በኮባ ፈንታ የኬክ ወረቀት አንጥፋ ትጋግረዋለች። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የቸኮለች እሳት ትጨምርና ሥሩ ያራል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። እሳቱ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ተከድኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ላዩ ሲደርቅ ገልብጡትና ሃያ ደቂቃ ጨምሩለት። ቢላ ወግታችሁ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። እኛ ማር ቀባነው፣ አምስት ሻማ ተከልንበት፤ ልጅቷ ኬክ የታለ አላለችም።

ፈንዲሻውን ግን ከአራት ዓመት በታች ላሉት አትስጡ፣ ያንቃቸዋል። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ቶሎ ይነሳ።

ጨዋታ ላይ ችግራችን ክፍሉ ነው። ጠባብ ነው፣ ከታች ያለው ጎረቤት ደግሞ ለሐሪሱ ይከሰናል፤ ስለዚህ አባሮሽም ሱዚም አይሆንም። እቴሜቴ ተቀምጠውም ይጫወቱታል። ሌላው፣ ሰባት ዕቃ ትሪ ላይ ደርድሮ፣ በሻሽ ሸፍኖ አንዱን መደበቅና የጎደለውን ማስገመት ነው። ዝም ብለው ነው የሚያስቡት! ዘፈን ሲቆም ትራስ ላይ መቀመጥንም ተጫወትን። ትራስ እንቀንሳለን እንጂ ልጅ አናስወጣም፤ የወጣ ልጅ ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ ስምንቱም ሁለት ትራስ ላይ ተደራርበው ይስቁ ነበር።

ሰዓቱን ዓርብ ከዐሥር ሰላት በኋላ አድርጉት፣ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ልጆቹ መነጫነጭ ይጀምራሉ፣ እኛም በሰዓቱ ወደ ማዳም ቤት መመለስ አለብን።